አገልግሉ ሳይከፈት

ከአምቦ ወደ ወሊሶ የሚወስደውን መንገድ ይዞ ሐሮ ወንጪ አፋፍ ላይ የደረሰ ሰው ሁሉን ባንድ ጊዜ ያያል። ድሮ የፈነዳው ተራራ ጉድጓድ፣ በጉድጓዱ ውስጥ የተኛው ሐይቅ፣ ከሐይቁ መሀል ደሴቱ፣ ከደሴቱ ላይ የቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ዛፎች። ቁልቁል መውረድ ሲጀምር ግን ያየው ሁሉ ይጠፋበታል። እንሰቱ ይጋርደዋል፣ መንገዱ ይጠመዘዝበታል፣ ዓይኑም ከፈረሱ ሰኮና ላይ አይነሳም። ሐይቁን መልሶ የሚያገኘው ውሃው ዳር ሲደርስ ነው። ያን ጊዜ የሚያየው ውሃ ከአፋፉ ላይ ካየው ጋር አንድ ቢሆንም፣ ሰውየው ግን የወረደ ሰው ነው።

ይህን የማነሳው እዚያው ሐይቅ ላይ ለተቀረጸ አንድ አጭር ፊልም ትሬለር ስቆርጥ ከርሜ ስለነበረ ነው። ፊልሙን ያዘጋጀችው የአምቦ ልጅ ናት። ሥራው አሥራ አምስት ደቂቃ ነው፤ እሷ የጠየቀችኝ ደግሞ የዘጠና ሰከንድ ትሬለር። ያስቀመጠችልኝ ቅድመ ሁኔታ አንድ ብቻ ነበር፦ «ጋሼ፣ መጨረሻው እንዳይታወቅ።» ቀላል መሰለኝ። የመጨረሻዎቹን ሦስት ደቂቃዎች አልነካም፣ ከቀረው እመርጣለሁ ብዬ አሰብሁ። ያ ሐሳብ እንዴት እንደተሳሳተ ነው የምጽፈው። ፊልሙ ስለታየና ባለቤቷም ስለፈቀደችልኝ መጨረሻውን እናገራለሁ፤ የተደበቀውን ሳልናገር አደባበቁን ማስረዳት አልችልምና።

ታሪኩ ይህ ነው። አንዲት እናት ጎሕ ሳይቀድ ተነስታ ዳቦ ትጋግራለች፣ በአገልግል ታደርጋለች፣ በፈረስ ቁልቁለቱን ወርዳ ጀልባ ትሳፈራለች። የዚያን ቀን ቀዛፊው ልጅ ለሥራው አዲስ ነው፤ አያውቃትም። በመንገድ ላይ ይጠይቃታል። ለማን እንደምትወስድ ሲጠይቃት «ለልጄ» ትለዋለች። የት እንዳለ ሲጠይቃት በእጇ ወደ ደሴቱ ታሳየዋለች። ቀዛፊው የሚያስበው ልጇ እዚያ የቆሎ ተማሪ ነው ብሎ ነው፤ ተመልካቹም አብሮት እንዲሁ ያስባል። ደሴቱ ሲደርሱ አገልግሉን ተሸክሞላት ይከተላታል። የምትቆመው ከደጃፍ ሳይሆን ከመቃብር አጠገብ ነው። አገልግሉ ይከፈታል፤ ዳቦው ለነዳያን ይቆረሳል፣ ከዳቦው ሥር የነበረው ጧፍ ይበራል። እናትየዋ በመንገድ ሁሉ አንድም ውሸት አልተናገረችም። የተሳሳተው የሰማው ነው።

መጀመሪያ ያስቸገረኝ መጠኑ ነው። የሁለት ሰዓት ፊልም 7200 ሰከንድ ነው፤ ከዚያ ውስጥ ዘጠና ሰከንድ ሰማንያኛው እጅ ብቻ ነው። ከውቅያኖስ ቀድቶ ማቅመስ ነው፤ ምንም ብታቀምስ ባሕሩ አይጎድልም። አሥራ አምስት ደቂቃ ግን 900 ሰከንድ ነው። ዘጠና ሰከንድ ከዚያ ላይ ሲነሳ ልክ አሥራት ይሆናል። ለአጭር ፊልም ብዙ ጊዜ ከአንድ ደቂቃ በታች የሆነ ትሬለር የሚበቃው ለዚህ ነው። ከአሥር ምስል አንዱን አሳይተህ ዘጠኙን ደብቄአለሁ ማለት ያዳግታል፤ የሰው አእምሮ የጎደለውን ሞልቶ የሚያነብ ነውና። አሥራት የሚያወጣ ገበሬ ከምርቱ ይሰጣል እንጂ ለዘር ያስቀመጠውን አይሰጥም። ግን በፊልም ውስጥ ዘሩ የትኛው ነው? ለብቻው በጎተራ አልተቀመጠም፤ ከእህሉ ጋር ተቀላቅሎ ነው ያለው።

ስለዚህ እንዲህ አደረግሁ። ፊልሙን በሙሉ ታይምላይኑ ላይ ዘርግቼ 86ቱን ሾት አንድ በአንድ ቀለም ቀባኋቸው። ቀይ ማለት ብቻውን ቢታይ መልሱን የሚናገር ነው። ቢጫ ማለት ብቻውን ዝም የሚል፣ ከሌላ ምስል አጠገብ ሲቀመጥ ግን የሚናገር ነው። አረንጓዴ ማለት የትም ቢቀመጥ ምስጢር የማያወጣ። ስጨርስ ዘጠኝ ቀይ፣ ሃያ አንድ ቢጫ፣ ሃምሳ ስድስት አረንጓዴ ሆነ። ያስደነገጠኝ ቁጥሩ ሳይሆን ቀዮቹ ያሉበት ቦታ ነው። ከዘጠኙ ሦስቱ የተገኙት በፊልሙ የመጀመሪያዎቹ አራት ደቂቃዎች ውስጥ ነው።

ከነዚህ ከሦስቱ አንዱ ጧፉ ነው። በሁለተኛው ደቂቃ እናትየዋ አገልግሉን ስታዘጋጅ ከጨርቁ ሥር ጧፍ ታስገባለች። ፊልሙን የሚያይ ሰው ይህን ምስል አያስተውለውም፤ ከሃያ ሌሎች ነገሮች ጋር በጎሕ ጨለማ ውስጥ ያልፋል፣ ትዝ የሚለውም መጨረሻ ላይ ጧፉ ሲበራ ነው። በትሬለር ውስጥ ግን የሚያልፍ ነገር የለም። ከአሥር አንዱ ብቻ ተመርጦ ስለሚቀርብ፣ የተመረጠው ሁሉ «እኔን አስተውለኝ» ይላል። በፊልሙ ውስጥ ሹክሹክታ የነበረው እዚህ ጩኸት ይሆናል። መጀመሪያ ላይ ያለ ነገር ሁሉ ደህና ነው የሚለው የአርታኢዎች ልማድ የሚከሽፈው እዚህ ላይ ነው፤ ጥሩ ፊልም መጨረሻውን ገና ከመጀመሪያው ይዘራዋልና።

ከቀዮቹ ውጭ ያመለጠኝ ደግሞ የልብስ ነው፤ እሱን ያገኘሁት ግን ራሴ አይደለሁም። የመጀመሪያውን ረቂቅ ጨርሼ ፊልሙን ላላዩ ሦስት ሰዎች አሳየሁ። ሁለቱ ወጣቶች ናቸው፤ ሦስተኛዋ አምቦ ውስጥ የጀበና ቡና የምታፈላ፣ ቡናዋን የምወድላት ሴት ናት። «ወደዳችሁት?» ብዬ አልጠየቅሁም፤ ያ ጥያቄ ለሥራው ምንም አይፈይድም፣ ሰው ለትህትና ሲል ወደድን ይላል። የጠየቅሁት «ምን ይሆናል ብላችሁ ታስባላችሁ?» የሚለውን ብቻ ነው። ወጣቶቹ እያሰቡ ሳለ ባለቡናዋ ስኒ ማጠቧን ሳታቆም «ልጇ የለም አይደል?» አለችኝ።

ከየት እንዳወቀች ስጠይቃት ገረማት። «ነጠላዋን አዘቅዝቃ የለ እንዴ!» አለች።

ተመልሼ አየሁት። በአርባ አንደኛው ሰከንድ፣ እናትየዋ ከፈረስ ስትወርድ፣ ነጠላዋ ተዘቅዝቋል። ሁለት ሰከንድ አይሞላም። ያን ምስል አረንጓዴ ቀብቼው ነበር፤ እኔ ያየሁት ፈረሱንና ጭጋጉን ነው። ወጣቶቹም አላዩትም። አንድ የውጭ አገር ሰው ሺህ ጊዜ ቢያየው ነጭ ልብስ የለበሰች ቆንጆ እናት ነው የሚያየው። ሐዘን ቤት ስትገባና ስትወጣ የኖረች ሴት ግን የምታነበው ጽሑፍ ነበር። ያን ጊዜ የገባኝ፣ ምስጢር በምስሉ ውስጥ አለመኖሩ ነው። ምስጢር ያለው ምስሉ በሚያየው ሰው እውቀት ላይ ሲያርፍ ነው። ስለዚህ መጨረሻው ተደብቋል ወይስ አልተደበቀም ብሎ መጠየቅ አይበቃም፤ ከማን ተደብቋል ተብሎ መጠየቅ አለበት። አርታኢ ፊልሙን መቶ ጊዜ ስላየው ለዚህ ጥያቄ ከሰው ሁሉ የከፋ ዳኛ ነው።

ሌላው መጨረሻውን የሚያወጣ ነገር የቋንቋችን ነው፤ ከሁሉ የሚያስደንቀኝም እሱ ነው። ጀልባው ላይ እናትየዋ ስለ ዳቦው ስታወራ «ልጄ የገብስ ዳቦ ይወድ ነበር» ትላለች። በፊልሙ ውስጥ ይህ የሚሰማው በዘጠነኛው ደቂቃ ነው፤ ቀዛፊው ቀና ይላል፣ ተመልካቹም የመጀመሪያውን ስንጥቅ ይሰማል። አነጋገሯ በጣም ያምራል፤ ለትሬለር የተፈጠረ ድምፅ ነው። ግን «ነበር» የምትለው አንዲት ቃል ልጁን ቀብራዋለች። «ነበር»ን ቆርጬ ልጥላት ሞከርሁ። አይሆንም፤ ሲቆረጥ «ይወድ» ብሎ አየር ላይ ይንጠለጠላል፣ የአማርኛ ጆሮ ያለው ሁሉ ቀሪውን ራሱ ይሞላዋል። ሕያው ልጅ «ይወዳል» እንጂ «ይወድ» አይባልለትም። ግሱ ገና ሲጀምር ፍጻሜውን ተሸክሟል። ተዋናይቷን ጠርቶ «ይወዳል» አሰኝቶ መቅዳትም ይቻል ነበር። ያን ባደርግ ግን በፊልሙ ውስጥ አንድም ጊዜ ያልዋሸችውን እናት በትሬለሩ አዋሽኋት ማለት ነው።

እዚህ ላይ ነው በመደበቅና በመዋሸት መካከል ያለው ድንበር የተገለጠልኝ፤ የተገለጠልኝም ተሻግሬው ካየሁ በኋላ ነው። በመጀመሪያው ረቂቅ ውስጥ እናትየዋ ከጀልባው ላይ ወደ ደሴቱ ስትመለከት የሚያሳየውን ምስል ወስጄ፣ ወዲያው ከኋላው ከሌላ ትዕይንት የመጣ የአንድ ወጣት ዲያቆን ምስል አስቀምጬ ነበር። ዲያቆኑ ከታሪኩ ጋር ዝምድና የለውም፤ ደሴቱ ላይ መጽሐፍ ይዞ ያልፋል፣ በቃ። ሁለቱ ምስሎች ሲገናኙ ግን ዲያቆኑ ልጇ ሆነ። አንድ ቃል ሳይነገር ተመልካቹ ሁሉ አመነ።

ይህ ጥበብ መቶ ዓመት ያለፈው ነው። በ1920 አካባቢ ሩሲያዊው ሌቭ ኩሌሾቭ የአንድ ተዋናይን ያልተለወጠ ፊት አንድ ጊዜ ከሾርባ ሳሕን፣ አንድ ጊዜ ከሬሳ ሣጥን፣ አንድ ጊዜ ከሴት ምስል ጋር አጋጥሞ አሳየ፤ ተመልካቹም ፊቱ ላይ ረሃብን፣ ሐዘንን፣ ምኞትን አነበበ ይባላል። ፊቱ አንድ ነው፤ ትርጉሙ የመጣው ከጎረቤቱ ነው። ቢጫ የቀባኋቸው ሃያ አንዱ ሾቶች ጠባያቸው ይኸው ነው። ከእሷ ጋር በጀልባው የተሳፈሩት አንገታቸውን ሲደፉ የሚያሳየው ምስል ብቻውን ድካም ነው፤ «ለልጄ» ከሚለው ድምፅ ቀጥሎ ቢመጣ ግን መርዶ ይሆናል። መጨረሻ ማለት አንድ ምስል አይደለም፤ በምስሎች መካከል ያለ ዝምድና ነው። ዝምድናውን ካልለያየህ፣ መጨረሻውን ምስል ቆርጠህ ብትጥል መጨረሻው በሌላ በር ይገባል።

ኩሌሾቭ ያሳየው ኃይል ግን ለመደበቅም ለመዋሸትም እኩል ይታዘዛል። አልፍሬድ ሂችኮክ በ1960 ለ«ሳይኮ» ያሠራው ትሬለር ከስድስት ደቂቃ በላይ ነው፤ በውስጡ ግን ከፊልሙ ታሪክ አንድም ትዕይንት የለም ማለት ይቻላል። ሂችኮክ ራሱ ቤቱንና መኝታ ክፍሎቹን እየዞረ ያስጎበኛል፤ የሚያሳየው ቦታውን ነው፣ የሆነውን ሊናገር ይጀምርና ይተወዋል። መጨረሻ ላይ የመታጠቢያ ቤቱን መጋረጃ ሲገልጥ የምትጮኸው ሴት ግን በፊልሙ ያን ትዕይንት የሠራችው ጃኔት ሊ አይደለችም፤ ቬራ ማይልስ ናት። ይህ ለእሱ ፊልም ተስማምቶት ይሆናል፤ የእሱ ተመልካች ሊታለል ፈልጎ ነው የሚገባው። የወንጪዋ እናት ተመልካች ግን እንደዚያ አይደለም። ዲያቆኑን በትሬለሩ አይቶ የመጣ ሰው ፊልሙን ሙሉ የሚጠብቀው ዲያቆኑን ነው። ዲያቆኑ መጥቶ ምንም ሳይናገር ሲያልፍ፣ መቃብሩም ሲመጣ፣ የሚሰማው ሐዘን ሳይሆን «ተሸወድሁ» የሚል ብስጭት ነው። እኔ በሱ ልብ ውስጥ ለሐዘኑ የተዘጋጀውን ቦታ ቀድሜ በሌላ ነገር ሞልቼበታለሁ።

የመለያውን ምልክት ያገኘሁት ከእንቆቅልሽ ነው። ልጆች ሆነን «እንቆቅልህ» ስንባል «ምን አውቅልህ» እንል ነበር። በኦሮምኛ ሂቦ የሚሉት ጨዋታም ዘመዱ ነው። እንቆቅልሽ ጠያቂ መልሱን ይይዛል፤ የሚሰጠው ፍንጭ ግን እውነት መሆን አለበት። መላሹ ሲያቅተው «አገር ስጠኝ» ይባላል፣ አገር ሰጥቶ መልሱን ይሰማል፤ ያን ጊዜም «ለካ!» ይላል። «ለካ!» የሚያሰኘው መልሱ ፍንጩ ውስጥ ስለነበረ ነው። ፍንጩ ሐሰት ቢሆን ኖሮ አገሩን ያስረከበው ልጅ ድንጋይ ያነሳ ነበር። በቅኔው ሰምና ወርቅ ግን ሁለቱም ባንድ ጊዜ፣ በአንድ ስንኝ ይሰጣሉ፤ ጎበዝ ሰሚ ሰሙን እንደሰማ ወርቁን ያወጣል። ትሬለር ሰምና ወርቅ ከሆነ ከሸፈ፤ ባለቡናዋ ያደረገችው ያንኑ ነውና። ትሬለር መሆን ያለበት እንቆቅልሽ ነው፦ ፍንጩ እውነት፣ መልሱ ደግሞ አገር ሲሰጥ ብቻ የሚገኝ። እዚህ ላይ አገሩ አሥራ አምስት ደቂቃው ነው።

ስለዚህ ዲያቆኑን አወጣሁት፤ ምስጢሩን ሳይሆን ጥያቄውን መፈለግ ጀመርሁ። የኛው ያሬድ ዘለቀ በ2015 በካን ፌስቲቫል ባሳየው «ላምብ» ውስጥ ጥያቄው ከጅምሩ ግልጽ ነው፤ ልጁ የሚወዳት በግ ለበዓል ትታረድ ይሆን? ጥያቄው መነገሩ ፊልሙን አይጎዳውም፤ ይሸከመዋል እንጂ። የኛ ፊልም ጥያቄስ ምንድን ነው? «ልጁ ሞቷል ወይ?» አይደለም። እንዲያ ብሎ መጠየቅ ራሱ መልስ ነው። ጥያቄው በቀዛፊው አፍ ውስጥ ተቀምጦ ነበር። በሰባተኛው ደቂቃ፣ ቀዘፋው እየከበደው፣ በልጅ የዋህነት እንዲህ ይላታል፦ «እሱስ ለምን አይመጣም?»

በፊልሙ ውስጥ እናትየዋ ትመልስለታለች፤ «እኔ እሄድለታለሁ» ትለዋለች። ይህ መልስ ለቀዛፊው የእናት ደግነት ነው። ዳዊት ልጁ በሞተበት ቀን የተናገረውን የሚያስታውስ ምእመን ግን ቀሪውን ያውቀዋል። መልሱን በትሬለሩ ውስጥ ማስገባት አልችልም። ጥያቄውን ግን እችላለሁ፤ እውነተኛ ነው፣ ከፊልሙ ልብ የወጣ ነው፣ መልሱም ብዙ ሊሆን ይችላል። መልሱ ሊመጣ ሲል ቆረጥሁ። ከጥያቄው በኋላ የእናትየዋን ፊት እንኳ አላሳየሁም፤ ፊቷ ቢጫ ነው፣ ከዚያ ጥያቄ አጠገብ ደግሞ ይቀላል። ያሳየሁት የቀዛፊውን ክንድና የተከደነውን አገልግል ነው።

ድምፁንም እንዲሁ መለየት ነበረብኝ። ሙዚቃው፣ ንግግሩና የአካባቢው ድምፅ በየብቻቸው እንዲሰጡኝ ጠይቄ ነበር፤ ተቀላቅሎ ያለቀ ድምፅ ይዞ ትሬለር የሚቆርጥ ሰው እጁ የታሰረ ነው፣ ንግግሩን ሲወስድ ሙዚቃውም ተከትሎት ይመጣል። ፊልሙ መዝጊያው ላይ በገና አለው። ዳይሬክተሯ በገናው ከትሬለሩ መጀመሪያ ጀምሮ እንዲሰማ ፈልጋ ነበር። ግን በገና የሁዳዴ ድምፅ ነው፤ ገና ሲመታ የሰሚው ልብ አጎንብሶ ስለ ነፍሱ ማሰብ ይጀምራል። የሆነውን ነገር ሳይናገር የሆነውን ነገር ስሜት ይናገራል። አወጣሁትና በምትኩ የቀዘፋውን ድምፅ አስገባሁ፤ መቅዘፊያው ውሃውን ሲመታ፣ ሲነሳ፣ ሲንጠባጠብ። መጀመሪያ በዝግታ፣ ከዚያ ምስሎቹ እያጠሩ ሲሄዱ ፈጠን እያለ። ሙዚቃ ለተመልካቹ ምን እንደሚሰማው ይነግረዋል፤ ቀዘፋው ግን ወደ አንድ ቦታ እየሄድን መሆኑን ብቻ ይናገራል።

ከዳይሬክተሯ ጋር የተከራከርነው በአንድ ምስል ነው። ፊልሙ የሚያልቀው ድሮኑ ከመቃብሩ ላይ ተነስቶ ደሴቱን፣ ሐይቁን፣ በመጨረሻም ተራራውን በሙሉ እያሳየ ሲርቅ ነው። ከፊልሙ ምስሎች ሁሉ ውቡ እሱ ነው። «ጋሼ፣ ይህን ካላዩማ ማን ይመጣል?» አለችኝ። ከመቃብሩ በላይ ያለውን ክፍል ብቻ ብንወስድ ምስጢር አይወጣም፤ ውሃና ተራራ ነው ብላ ሞገተችኝ። እውነቷን ነው፤ ቀለሙ አረንጓዴ ነው። ግን ያ ምስል በፊልሙ ውስጥ ያለው ሥራ ማሳየት አይደለም፤ ማሳረፍ ነው። ለአሥራ አራት ደቂቃ በሰው ፊትና በእጅ ተከበን ቆይተን፣ ሐዘኑ ከወጣ በኋላ የተሰጠን ትንፋሽ ነው። ሰው ያንን ትንፋሽ ትሬለሩ ላይ ቀድሞ ቢተነፍሰው፣ መጨረሻው ላይ የሚያገኘው አየር ያረጀ ይሆናል። መጨረሻ በነገሩ ብቻ አይባክንም፤ በእፎይታውም ይባክናል። በምትኩ የመረጥነው ካሜራው በሰው ቁመት ልክ አፋፉ ላይ ቆሞ፣ መንገዱ ወደ እንሰቱ ውስጥ ሲገባና ሲጠፋ የሚያሳየውን ነው። ጥቂት ካሰበች በኋላ «እሺ፣ ይውረዱ እንጂ ከላይ አይዩ» አለች። ከዚያ ቀን ወዲህ ይህን ሐሳብ ከእሷ በተሻለ የገለጸልኝ የለም።

ያለቀው ትሬለር እንዲህ ሆነ። የመጀመሪያው ሃያ ሰከንድ ምድጃ፣ ሊጥ፣ ዳቦው ወደ አገልግሉ ሲገባና ክዳኑ ሲገጠም፤ ጧፉ የለም። እስከ ሃምሳኛው ሰከንድ ቁልቁለቱ፤ የነጠላው መዘቅዘቅ ከማይታይበት ከጀርባና ከፈረሱ እግር አንጻር። እስከ ሰባ አምስተኛው ጀልባው፣ ሁለት ጥያቄና ሁለት አጭር መልስ፤ «ለማን ነው እማማ?» «ለልጄ።» «እዚያ ነው ያለው?» «እዚያ ነው።» ከዚያ ሦስተኛው ጥያቄ፣ መልስ የሌለው። አራት ሰከንድ ቀዘፋ፤ ጀልባው ዳር ሲነካ ጥቁር፤ በጥቁሩ ላይ ርእሱ። 2160 ፍሬም። አንዱም አይዋሽም።

እንደገና ፊልሙን ላላዩ ሌሎች ሰዎች አሳይቼ ያንኑ ጥያቄ ጠየቅሁ። አንዱ «መንኩሷል» አለ። አንዷ «ከአባቱ ጋር ተጣልቶ ይሆናል» አለች። ሌላው «ታስሮ ቢሆንስ?» አለ። አንድ ሽማግሌ ብቻ «ታሞ ይሆናል» ብለው ዝም አሉ። ከዚህ የተማርሁት መለኪያ ይህ ነው። ግምቱ ሁሉ ወደ አንድ ከሄደና ትክክል ከሆነ ምስጢሩ ወጥቷል። ወደ አንድ ሄዶ ስሕተት ከሆነ አርታኢው ዋሽቷል፤ የዲያቆኑ ረቂቅ ያደረገው ይህንን ነበር። ማንም ምንም ካልገመተ ከመጠን በላይ ተደብቋል፣ ጥያቄውም አልተጠየቀም። ግምቱ ሲበታተን ግን እንቆቅልሹ ቆሟል።

አሁንም የሚሞግተኝ ጥያቄ አለ። ለመሆኑ ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለምንድን ነው? በ2011 የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳን ዲዬጎ ተመራማሪዎች የሆኑት ሌቪትና ክሪስተንፌልድ ለአንባቢዎች አሥራ ሁለት አጫጭር ልቦለዶችን አስነብበው ነበር፤ መጨረሻው ቀድሞ የተነገራቸው ካልተነገራቸው ይልቅ በአማካይ በትንሹ አብልጠው ወደዷቸው። እኛም ብንሆን ለዚህ ምስክር አናጣም። በስቅለት ቀን ሲሰግድ የሚውለው ሕዝብ ትንሣኤውን ስለማያውቅ አይደለም የሚያለቅሰው። እያወቅን ማልቀስ እንችላለን። ታዲያ ምኑን ነው የምጠብቀው?

መልሱን የሰጠችኝ ያችው ባለቡና ናት። ፊልሙ አምቦ ውስጥ ለወዳጆችና ለሠራተኞቹ ቤተሰቦች ሲታይ ጠራኋት፤ በእኔ ስሕተት መጨረሻውን ቀድማ ያወቀች እሷ ብቻ ስለነበረች ዕዳ ያለብኝ ያህል ይሰማኝ ነበር። አጠገቧ ተቀመጥሁ። ሰው ሁሉ ያለቀሰው ጧፉ ሲበራ ነው፤ እሷ ግን ያለቀሰችው ገና ሊጡ ሲቦካ ነው። ሲያልቅ ይቅርታ ጠየቅኋት። «ምን አጠፋህ?» አለችኝ። «እኔኮ ከመጀመሪያው እናትየዋን ሳይ ቆየሁ። ልጁን ግን አላየሁትም።»

ልጁ ያለችው ቀዛፊውን ነው። ልክ ናት። መጨረሻውን የሚያውቅ ሰው እናትየዋን ያያል፤ እያንዳንዱ ቃሏ ምን ያህል እንደሚከብዳት ይገባዋል፣ ይህም ትልቅ እይታ ነው። የማያውቅ ሰው ግን የሚሳፈረው ከቀዛፊው ጋር ነው። አብሮት ይጠይቃል፣ አብሮት ይሳሳታል፣ አገልግሉን ተሸክሞ ሲከተላትም አብሮት የዋህ ነው፤ መቃብሩ ፊት ሲቆም የጠየቃቸውን ጥያቄዎች ሁሉ አብሮት መልሶ ይሰማቸዋል፣ አብሮትም ያፍራል። ፊልሙ የተሠራው ለዚያ እፍረት ነው፤ የሰውን ሐዘን ሳናውቅ በየዋህነት ስንነካ የሚሰማን እፍረት። ያ ስሜት ለባለቡናዋ አልደረሰም፤ እናትየዋን ሁለት ጊዜ ብታያት እንኳ ቀዛፊውን እንደ አዲስ አታገኘውም።

ፊልሙ ሁለት እይታ አለው፤ የልጁና የእናትየዋ። የእናትየዋ እይታ ሁልጊዜ ይገኛል፤ ፊልሙን ደግሞ ማየት ብቻ ይበቃል። የልጁ ግን አንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ ካለፈም በኋላ ማንም አይመልሰውም። የዘጠናው ሰከንድ ሥራ ይህችን አንድ ጊዜ መጠበቅ ነው። ተመልካቹ እንደ ቀዛፊው፣ አገልግሉን ሳይከፍት ተሸክሞ እስከ ደሴቱ ይሂድ።